ለአማካሪ የሚጻፍ የመዘግየት ደብዳቤ፦ ከመከላከያው ቀን ወደ ኋላ መቁጠር

የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ከመመረቂያ ጽሑፉ ጋር በብዛት የሚተናነቀው የመጨረሻዎቹ ሁለት ምዕራፎች ላይ ሲደርስ ነው። መግቢያው፣ የቀደሙ ጥናቶች ቅኝቱና የጥናት ዘዴው ጸድቀዋል፤ የመረጃ ትንተናውና ማጠቃለያው ግን ቀርተዋል። የተባለው ቀን ሲያልፍ ብዙዎች መልስ መስጠት ያቆማሉ። አማካሪው የሚያውቀው የቀነ ገደቡን ማለፍ ብቻ ይሆናል፤ ሥራው የት እንደ ቆመ ግን የሚነግረው የለም።

ይህን ዝምታ የሚሰብረው አጭር ደብዳቤ ነው። ምን ምን መያዝ እንዳለበት በአንድ ምሳሌ እንመልከት።

የትምህርት ዘርፍ ተማሪ የሆነች አንዲት መምህርት ምዕራፍ አራትን የካቲት 30 ለማስረከብ ቃል ገብታ ነበር እንበል። ሳይሳካላት ቀርቶ መጋቢት 1 ቀን ለአማካሪዋ እንዲህ ብላ ትጽፋለች፦

«ምዕራፍ አራትን በተባለው ቀን ማድረስ አልቻልኩም። የትብብር ደብዳቤው የወጣልኝ ትምህርት ቤቶቹ የጥር ፈተና ላይ ሳሉ ስለነበር ቃለ መጠይቁን የጀመርኩት በየካቲት አጋማሽ ነው። ከ12ቱ መምህራን 7ቱን አነጋግሬ ድምፃቸውን ወደ ጽሑፍ ገልብጫለሁ። የመጠይቁ ሰንጠረዦች ተጠናቀዋል፤ እንዲያዩልኝ አያይዣለሁ።»

ምክንያቱ በአንድ ዓረፍተ ነገር አልቋል። የቀረው ቦታ ለሥራው ተሰጥቷል፦ ያለቀው፣ የተጀመረውና ያልተነካው። አባሪው ደግሞ የተባለውን ያረጋግጣል። «በግል ችግር ምክንያት» ብሎ ማለፍ አማካሪው ችግሩ ይብቃ ይቀጥል እንዳያውቅ ያደርጋል። የሕመም ወይም የቤተሰብ ጉዳይ ሲሆንም ዝርዝሩ አያስፈልግም፤ ከመቼ እስከ መቼ ሥራ እንዳስፈታና አሁን ምን ላይ እንዳለ መግለጽ ይበቃል።

ከባዱ ክፍል አዲሱ የጊዜ ሰሌዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ሮጀር ቡህለር፣ ዴል ግሪፈንና ማይክል ሮስ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ የያዙ ተማሪዎችን መቼ እንደሚጨርሱ ጠይቀው ነበር። ተማሪዎቹ በአማካይ 34 ቀን ገደማ ይፈጅብናል አሉ፤ የፈጀባቸው ግን 55 ቀን ገደማ ነው። ሁሉም ነገር ቢበላሽስ ሲባሉ የሰጡት ግምት እንኳ ከ49 ቀን አልዘለለም።

ስለዚህ መምህርቷ የምትተማመነው ባለፈው ልምዷ ነው። ምዕራፍ ሦስትን በሦስት ሳምንት እጨርሳለሁ ብላ አምስት ሳምንት ወስዶባታል። አሁን የትንተናው ጽሑፍ በሁለት ሳምንት የሚያልቅ ቢመስላት፣ በዚያው ስሌት 23 ቀን ትመድባለች።

ከዚያ የምትቆጥረው ከመጨረሻው ቀን ወደ ኋላ ነው። መከላከያው ሰኔ 15 ነው፤ ፈታኞች ደግሞ ጽሑፉን ከሦስት ሳምንት በፊት ይፈልጋሉ እንበል። ይህ ግንቦት 24 ላይ ያደርሳል። አማካሪው ሙሉውን ረቂቅ የሚያነብበት ሁለት ሳምንት ሲቀነስ ግንቦት 10 ይሆናል። ማጠቃለያውን ለመጻፍና ምዕራፍ አራትን በአስተያየቱ መሠረት ለማረም 23 ቀን ሲያዝ ሚያዝያ 17 ላይ ይደረሳል። ለምዕራፍ አራት ንባብ ሌላ ሁለት ሳምንት ሲቀነስ ማስረከቢያው ሚያዝያ 3 ነው። ለጽሑፉ የተመደበው 23 ቀን ሲቀነስ ደግሞ ቀሪዎቹ አምስት ቃለ መጠይቆች መጋቢት 10 ማለቅ አለባቸው።

ብዙ የተከለሱ ሰሌዳዎች የሚፈርሱት የአማካሪውን የንባብ ጊዜ ስለሚዘሉ ነው። ሁለቱን ምዕራፎች በአንድ ሳምንት አስረክባለሁ የሚል ተማሪ፣ ማጠቃለያው ገና ባልታየ ትንተና ላይ እንደሚቆም ዘንግቷል። ትንተናው ሲታረም ማጠቃለያውም እንደገና ይጻፋል። የመምህርቷ ደብዳቤ ግን የአማካሪውን ድርሻ በግልጽ ይጠይቃል፦ «ምዕራፍ አራትን ሚያዝያ 3 ባስረክብ እስከ ሚያዝያ 17 ሊያዩልኝ ይችላሉ? የማይመችዎት ከሆነ ሰሌዳውን በእርስዎ ጊዜ አስተካክላለሁ።»

ሰሌዳው ትርፍ ቀን ስለሌለው ደብዳቤው አንድ መፈተሻ ቀንም ያስቀምጣል። ቃለ መጠይቁ መጋቢት 10 ካላለቀ፣ በተገኙት መምህራን ብቻ መቀጠል ይቻል እንደሆነ አማካሪዋን ትጠይቃለች። ሲፈቀድላትም የጸደቀው ምዕራፍ ሦስት የሚናገረው 12 ሰው ስለሆነ ቁጥሩ እዚያም መታረም፣ ምክንያቱም መጻፍ አለበት። አምስቱን ዝም ብሎ መተው ፈታኞች ሁለቱን ምዕራፎች ሲያስተያዩ ይጋለጣል።

አማካሪው ቢስማማም ይህ ደብዳቤ የዩኒቨርሲቲውን የጊዜ ገደብ አያራዝምም። መከላከያው ከሰኔ የሚያልፍ ከሆነ የማራዘሚያ ማመልከቻ ለትምህርት ክፍሉ በተናጠል ይገባል። ማመልከቻው የአማካሪውን ድጋፍ ሲጠይቅ፣ መጋቢት 1 የተጻፈው ደብዳቤና የተስማሙበት ሰሌዳ አብረው ይያያዛሉ።