ከእንግሊዝ ጭስ ማውጫ እስከ ኖርዌይ ወንዝ

እ.ኤ.አ. በ1975 የብርዱ ወራት አልፎ በረዶው መቅለጥ ሲጀምር፣ በደቡብ ኖርዌይ በሚፈሰው የቶቭዳል ወንዝ ትራውት የሚባሉት ዓሦች በሺዎች ሞተው ተገኙ። ውሃው አልደፈረሰም፤ እንዲያውም ኩልል ያለ ነበር። ተመራማሪዎች በማጣጣር ላይ ያሉትን ዓሦች ደም ሲመረምሩ ጨው እንደጎደለው አዩ። ውሃው ከመጠን በላይ አሲድ ሆኖ ስለነበር የዓሦቹ ስንጥብ ጨው መያዝ ተስኖት ነበር።

በወንዙ ዳር ይህን ያህል አሲድ የሚለቅ ፋብሪካ አልነበረም። መነሻው ባሕር ማዶ፣ በእንግሊዝ፣ በጀርመንና በሌሎች የአውሮፓ አገሮች የድንጋይ ከሰልና ከባድ ጥቁር ናፍጣ በሚነድባቸው ማመንጫዎች ውስጥ ነው።

የድንጋይ ከሰል ሙሉ በሙሉ ካርቦን አይደለም። ከጥንት ዕፅዋትና ከረግረጉ ጭቃ የወረሰው ድኝ፣ ማለትም ሰልፈር፣ አብሮት አለ። ድፍድፍ ነዳጅ ሲጣራም ቤንዚኑና ቀላሉ ናፍጣ ተለይተው ሲወጡ አብዛኛው ድኝ ከታች በሚቀረው ጥቁር ዝቃጭ ውስጥ ይከማቻል። ይህ ሲነድ ድኙ ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ የተባለውን ሰርናቂ ጋዝ ይፈጥራል። ከመቶ እጅ ሁለቱ ድኝ የሆነ 100 ኩንታል ከሰል ቢነድ 2 ኩንታል ድኝ ወደ 4 ኩንታል ጋዝ ይለወጣል፤ ጋዙ በሙሉ ሰልፈሪክ አሲድ ቢሆን ደግሞ ከ6 ኩንታል በላይ ይመዝናል። ጭማሪው ሁሉ ከአየርና ከውሃ የመጣ ነው።

ጋዙ ግን ከጭስ ማውጫው እንደወጣ አሲድ አይሆንም። በደረቅ አየር ውስጥ በፀሐይ ብርሃን እየታገዘ ለመለወጥ ቀናት ይፈጅበታል። ደመና ካገኘ ነገሩ ይፋጠናል። በደመናው ጠብታዎች ውስጥ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ አለ፤ ፋርማሲ ለቁስል ማጠቢያ የሚሸጠው ያው ነው። ጋዙ በጠብታው ሟሙቶ ከእሱ ጋር ሲገናኝ ሰልፈሪክ አሲድ ይሆንና ከዝናቡ ወይም ከበረዶው ጋር ይወርዳል።

ንጹሕ ዝናብም ቢሆን ትንሽ አሲድነት አለው፤ አምቦ ውሃን የሚያፍለቀልቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚሟሟበት በፒኤች መለኪያ 5.6 ገደማ ነው። በዚያ ዘመን በደቡብ ኖርዌይ ይወርድ የነበረው ዝናብ ወደ 4.3 አካባቢ ነበር። በዚህ መለኪያ አንድ ቁጥር ዝቅ ማለት አሲዱ አሥር እጥፍ ጨመረ ማለት ስለሆነ፣ ልዩነቱ ወደ ሃያ እጥፍ ይጠጋል። ያም ሆኖ ከሎሚ ጭማቂ እጅግ ያነሰ ነው። የአሲድ ዝናብ ሲባል ቆዳ የሚልጥ ነገር የሚታያቸው ሰዎች ተሳስተዋል፤ ዝናቡ የመታው ሰው ምንም አይሰማውም።

ታዲያ ዓሣውን ለምን ገደለ? አንዱ ምክንያት ድንጋዩ ነው። የኖራ ድንጋይ ባለበት አገር አፈሩ አሲዱን ያረክሰዋል። የደቡብ ኖርዌይ መሬት ግን ስስ አፈር የለበሰ ግራናይት ነው። አሲዱ የሚያረክሰው ሲያጣ ከአፈሩ አሉሚኒየም አሟሙቶ ወደ ወንዙ ያወርዳል፤ አሉሚኒየሙም የዓሣውን ስንጥብ ይደፍናል። ሌላው በረዶው ነው። ወራት ሙሉ ያጠራቀመው አሲድ አብዛኛው ከመጀመሪያው ቅላጭ ጋር በአንድ ጊዜ ይለቀቃል። የቶቭዳል ዓሦች ያለቁት በዚያው ሰሞን ነው።

ጭሱን ያን ያህል ያራቀው ደግሞ መድኃኒት ተብሎ የመጣው ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 የለንደን ጭስ አዘል ጉም በጥቂት ቀናት ሺዎችን ከገደለ በኋላ፣ እንግሊዞች ማመንጫዎቻቸውን ከከተማ አውጥተው ረጃጅም ጭስ ማውጫ ተከሉ፤ ድራክስ በተባለው ማመንጫ የቆመው 259 ሜትር ነው። የከተማው አየር ጠራ፤ ጋዙ ግን ከፍ ብሎ በነፋስ ባሕሩን ተሻገረ። በጎረቤት ደጅ መድፋት ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

እ.ኤ.አ. በ1985 በርካታ አገሮች የድኝ ልቀታቸውን በ30 በመቶ ለመቀነስ ሄልሲንኪ ላይ ሲስማሙ ብሪታንያ አልፈረመችም። በኋላ ግን ድራክስም ጭሱን በኖራ ድንጋይ ውሁድ ማጠብ ጀመረ። እጥበቱ ከጋዙ ዘጠና በመቶ ያህሉን ይይዛል፤ ከሂደቱ የሚገኘው ጀሶም ለግድግዳ ሥራ ይሸጣል። የባሕር መርከቦች ተራ የደረሰው ዘግይቶ ነው፤ ከጥር 2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነዳጃቸው ውስጥ የሚፈቀደው ድኝ ከ3.5 ወደ 0.5 በመቶ ወርዷል።

ብሪታንያ የመጨረሻውን የከሰል ማመንጫዋን በመስከረም 2024 እ.ኤ.አ. ዘግታለች። በደቡብ ኖርዌይ ግን አፈሩ ያጣው ማዕድን ቶሎ ስለማይተካ፣ ዓሣ እንዲኖርባቸው ዛሬም የተፈጨ የኖራ ድንጋይ የሚጨመርባቸው ወንዞች አሉ።