220 ቮልት እንዴት 380 ይሆናል?

በስሪ ፌዝ የሚሠራ አንድ የዳቦ መጋገሪያ ምድጃ እንውሰድ። በውስጡ እኩል የሆኑ ሦስት የማሞቂያ ሬዚስታንሶች አሉ። የእያንዳንዱ አንድ ጫፍ ከየራሱ ፌዝ ጋር ይገናኛል፤ ሌሎቹ ሦስት ጫፎች አንድ ላይ ታስረው ኒውትራል ላይ ይውላሉ። ይህ አያያዝ ስታር ወይም ዋይ ይባላል። ሬዚስታንሶቹ እኩል ስለሆኑም ጭነቱ ሚዛናዊ ነው።

በቴስተር ሲለካ ከፌዝ እስከ ኒውትራል 220፣ ከፌዝ እስከ ፌዝ 380 ቮልት ይነበባል። ሁለት 220ዎች 440 የማይሆኑት በአንድ ጊዜ ጫፍ ላይ ስለማይደርሱ ነው። ሦስቱ ፌዞች በሰከንድ 50 ጊዜ ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ፤ ግን እየተከታተሉ ነው፤ አንዱ ከሌላው በዑደቱ ሲሶ ይዘገያል። 220 የምንለው ቮልቴጅ ከፍተኛ ጫፉ 311 ነው። በሁለት ፌዞች መካከል ያለው ልዩነት ትልቁ ላይ የሚደርሰው አንዱ +269፣ ሌላው −269 ሲሆን ነው። ልዩነቱ 538 ይሆናል። ቴስተሩ 311ን 220 ብሎ እንደሚያሳይ፣ 538ንም 380 ብሎ ያሳያል። 380ን ለ220 ስናካፍል 1.73 ገደማ፣ ማለትም √3 እናገኛለን።

እያንዳንዱ ሬዚስታንስ 22 ኦም ቢሆን የሚያልፍበት ከረንት 220 ÷ 22 = 10 አምፔር ነው። ኃይሉ 2,200 ዋት፣ የሦስቱ ድምር 6,600 ዋት ይሆናል። በስታር አያያዝ በመስመሩ የመጣው ከረንት ሳይከፋፈል በሬዚስታንሱ ስለሚያልፍ፣ በመስመር ቮልቴጅም ማስላት ይቻላል፦

P = √3 × 380 × 10 ≈ 6,580 ዋት

ትንሿ ልዩነት የመጣችው 381 መሆን የነበረበት ቁጥር በልማድ 380 ስለሚባል ነው። ትልቁ ስህተት ግን 3 × 380 × 10 ብሎ 11,400 ዋት ማለት ነው። ምድጃው በደህና እየሠራ ሳለ 380 ቮልት በአንድ ሬዚስታንስ ላይ ብቻውን አያርፍም። ጭነቱ ሞተር ከሆነ ደግሞ ውጤቱ በፓወር ፋክተር ይባዛል፤ 0.8 ቢሆን 5,265 ዋት ገደማ ይቀራል።

ሦስቱ 10 አምፔሮች በየቅጽበቱ ስለሚጣፉ ኒውትራሉ ላይ ክላምፕ ሜትር ቢደረግ ዜሮ ያሳያል ማለት ይቻላል። አንዱ ሬዚስታንስ ቢቃጠል ግን ኒውትራሉ 10 አምፔር ይሸከማል፤ ምድጃው 4,400 ዋት ይዞ ይቀጥላል። ኒውትራሉ ካልተያያዘ ጉዳቱ ይብሳል፤ የቀሩት ሁለቱ 380ውን ተካፍለው እያንዳንዳቸው 190 ቮልት ያገኛሉ፣ ኃይሉም በግማሽ ይወርዳል። ያን ጊዜ ክላምፕ ሜትሩ በሁለቱ መስመሮች 8.6 አምፔር፣ በሦስተኛው ዜሮ ያነባል፤ የተቃጠለው ሬዚስታንስ ያለውም ዜሮ ባነበበው ፌዝ ላይ ነው።