ጥሩ አመልካች የሚያሸሽ የሥራ ማስታወቂያ

አራት ኪሎ አካባቢ ጋዜጣ ተከራይቶ ክፍት የሥራ ቦታ ማሰስ ለብዙ የአዲስ አበባ ወጣቶች የሥራ ፍለጋ ሀሁ ነበር። ዛሬ ማስታወቂያው በአብዛኛው ወደ ቴሌግራም ቻናሎችና ወደ ሥራ አገናኝ ድረ ገጾች ተሻግሯል። አጻጻፉ ግን ብዙም ፈቅ አላለም። የሥራ መደቡ ስም፣ የትምህርት ደረጃ፣ የሥራ ልምድ፣ ረጅም የተፈላጊ ችሎታ ዝርዝር፣ «ደመወዝ፦ በስምምነት»፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ በደማቁ የተጻፈ «ማሳሰቢያ»። አንባቢው ጨርሶ ሲነሳ ከእሱ የሚፈለገውን ሁሉ አውቋል። ጠዋት ቢሮ ገብቶ ምን እንደሚሠራና በወሩ መጨረሻ ምን እንደሚያገኝ ግን አያውቅም።

ቀጣሪዎች ዝርዝሩን የሚያስረዝሙት ያለ ምክንያት አይደለም። ለአንድ ቦታ የሚጎርፈውን ማመልከቻ አንድ በአንድ የሚያገላብጠው የሰው ኃይል ክፍሉ ነው። መስፈርቱ ሲበዛ የማይመጥነው ሰው ራሱን ያገልላል ብለው ስለሚያስቡ ዝርዝሩን እንደ ወንፊት ይጠቀሙበታል። ችግሩ ወንፊቱ የሚያስቀረው ያልታሰበውን ሰው መሆኑ ላይ ነው። ሥራ አጥቶ የከረመ ሰው መስፈርቱን አሟላም አላሟላ ሲቪውን ይልካል፤ ቢሞክር የሚያጣው ነገር የለም። ሥራ ያለው፣ ሙያውን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ግን ማስታወቂያውን የሚያነበው በሻይ ሰዓት፣ ከስልኩ ላይ ነው። አሁን ካለበት ለመነሳት ምክንያት ይፈልጋል። ያንን ካላገኘ አልፎት ይሄዳል።

ይህን በተግባር የፈተሹ ሦስት ተመራማሪዎች አሉ፤ ጆሴፍ ሽሚት፣ ዴሪክ ቻፕማንና ዴቪድ ጆንስ። በ2015 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ያሳተሙት ጥናት የተካሄደው ካናዳ ውስጥ ባለ አንድ የምህንድስና አማካሪ ድርጅት ነው። ድርጅቱ በእርግጥ ሰው የሚፈልግባቸውን 56 ማስታወቂያዎች ይዘው በሁለት ዓይነት መንገድ አጻፏቸው። አንደኛው ድርጅቱ ከአመልካቹ የሚፈልገውን ያጎላል፤ ሁለተኛው ሥራው ለሠራተኛው የሚሰጠውን፣ ማለትም ራሱን ችሎ የመሥራት ዕድልን፣ የሙያ ዕድገትንና የመሳሰለውን ያጎላል። 991 ሰዎች አመለከቱ። ስለ ሠራተኛው ጥቅም ያጎሉት ማስታወቂያዎች ብዙ አመልካች ብቻ ሳይሆን ሲቪያቸው ሲገመገም የተሻለ ነጥብ ያገኙ አመልካቾችንም አመጡ። አንድ ድርጅት ላይ፣ በአንድ ሙያ ዘርፍ የተደረገ ጥናት ስለሆነ ለሁሉም ሥራ ይሠራል ማለት አይቻልም። ቢሆንም ከላይ የተጠቀሰውን ግምት፣ ጥያቄ ሲበዛ ጥራት ይጨምራል የሚለውን፣ ክፉኛ ያናጋዋል።

የማያመለክቱትስ ለምን ይቀራሉ? ታራ ሞር የተባለች አሜሪካዊት ጸሐፊ በ2014 ከአንድ ሺህ በላይ ሰዎችን ይህንኑ ጠይቃ ነበር። ከወንዶችም ከሴቶችም አብዝቶ የተሰጠው መልስ «ሥራውን አልችለውም» የሚል አልነበረም። «መስፈርቱን ስለማላሟላ አይቀጥሩኝም፤ ጊዜዬን ለምን አባክናለሁ» የሚል ነበር። ቀጣሪው «ቢኖረው ጥሩ ነው» ብሎ ያሰበውን ነገር አንባቢው እንደ ግዴታ ቆጥሮ ቀርቷል ማለት ነው።

አሠራሩን ለማየት አንድ ማስታወቂያ ከመነሻው እንከታተል። ለምሳሌነት የተዘጋጀ ነው፤ ሆኖም እያንዳንዱ መስመር በየዕለቱ ከሚወጡት ጋር ይመሳሰላል።

«የሥራ መደብ፦ ሲኒየር አካውንታንት። የትምህርት ደረጃ፦ በአካውንቲንግ የመጀመሪያ ዲግሪ፣ ማስተርስ ያለው ይመረጣል። የሥራ ልምድ፦ 5 ዓመትና ከዚያ በላይ። ዕድሜ፦ ከ35 ያልበለጠ። ፒችትሪና ኤክሴል አቀላጥፎ የሚችል/የምትችል። የእንግሊዝኛ ቋንቋ ከፍተኛ ችሎታ። የሥራ ጫና የሚቋቋም፣ በቡድን መሥራት የሚችል፣ ከሥራ ሰዓት ውጪ ለመሥራት ፈቃደኛ የሆነ። አስተማማኝ ዋስ ማቅረብ የሚችል። ደመወዝ፦ በስምምነት። ማሳሰቢያ፦ መስፈርቱን የማያሟሉ ማመልከቻዎች ተቀባይነት የላቸውም።»

የመጀመሪያው ሥራ ብዕር ማንሳት ሳይሆን ሰው መጠየቅ ነው። ይህን ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚያዘጋጀው የሰው ኃይል ክፍሉ የዛሬ ሦስት ዓመት የወጣውን ገልብጦ ነው። ሥራውን የሚያውቁት ግን የፋይናንስ ኃላፊዋና ቦታውን የለቀቀው ሠራተኛ ናቸው። ኃላፊዋ «ይህ ሰው በወር ውስጥ ምን ይሠራል?» ተብላ ብትጠየቅ መልሷ ቀጥተኛ ነው። የሦስት ባንኮችን ሒሳብ ያስታርቃል፤ የቫትና የዊዝሆልዲንግ ሪፖርት ያዘጋጃል፤ የ40 ሠራተኞችን ፔይሮል ይሠራል፤ የገቢዎች ኦዲተር ሲመጣ ሰነድ ያቀርባል። ከዚህ ሁሉ አንዱም በማስታወቂያው ላይ አልነበረም።

ቀጥሎ እያንዳንዱ መስፈርት በአንድ ጥያቄ ይፈተናል፤ በሌላው ሁሉ ከሁሉም የተሻለው አመልካች ይህ አንዱ ቢጎድለው እናባርረዋለን? ዲግሪው ይህን ፈተና ያልፋል። ማስተርሱ አያልፍም። ዕድሜውም አያልፍም፤ የ38 ዓመት ጎበዝ አካውንታንት ፔይሮል መሥራት አያቅተውም። ፒችትሪ በተመሳሳይ ሶፍትዌር ለሠራ ሰው በጥቂት ሳምንት የሚለመድ ስለሆነ «ቢኖር ይመረጣል» ወደሚለው ይወርዳል። «5 ዓመት» ሲመረመር ኃላፊዋ የምትፈልገው ዓመቱን ሳይሆን ያለ ረዳት ወር መዝጋት የሚችል ሰው እንደሆነ ይገለጣል። አምስት ዓመት ሙሉ ደረሰኝ ሲመዘግብ የኖረ ሰው ያንን ላይችል ይችላል፤ በሦስት ዓመት ሙሉ ሒሳብ ሲዘጋ የቆየ ግን ይችላል። ስለዚህ መስፈርቱ «ወርሃዊ ሒሳብ ራስዎን ችለው የዘጉ» ይሆናል። «ጫና የሚቋቋም» እና «በቡድን መሥራት የሚችል» የሚሉት ደግሞ ማንም «የለኝም» የማይላቸው በመሆናቸው ማንንም አይለዩም። ይባስ ብሎ የመጀመሪያው ልምድ ያለውን ሰው ያስጠረጥረዋል፤ ቢሮው የተተራመሰ ነው ማለታቸው ይሆን ያሰኛል።

«ከሥራ ሰዓት ውጪ» የሚለው እውነት ከሆነ መደበቅ የለበትም። መገለጽ ያለበት ግን ከነልኩ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት መደበኛው የሥራ ሰዓት በሳምንት 48 ሲሆን በቀን የሚሠራ የትርፍ ሰዓት በአንድ ተኩል እጥፍ ይከፈላል። ስለዚህ ወር ሲዘጋ ሦስት ወይም አራት ቀን ማምሸት ካለ እንዲሁ ይጻፍ፤ ክፍያውም አብሮ ይጠቀስ። ጭንቀቱ የሚመጣው ከማምሸቱ ይልቅ መጠኑ ካልታወቀ ማምሸት ነው።

ብዙ ክርክር የሚያስነሳው መስመር ደመወዙ ነው። ቀጣሪዎች «በስምምነት» የሚሉት ተፎካካሪ እንዳያይባቸው ብቻ አይደለም። በዝቅተኛ ደመወዝ ለዓመታት የቆየው የራሳቸው ሠራተኛ ለአዲስ ገቢ የተመደበውን አይቶ እንዳያጉረመርም ይፈራሉ። ዋጋው ግን ቀላል አይደለም። አመልካቹ የጽሑፍ ፈተና ወስዶ፣ ቃለ መጠይቅ አልፎ፣ ቁጥሩ ሲነገረው «አሁን የማገኘው ከዚህ ይበልጣል» ብሎ ይመለሳል፤ ቅጥሩም ከዜሮ ይጀምራል። መነሻና ጣሪያውን መጻፍ ይህን ያስቀራል። ጣሪያውን ለመግለጽ የማይደፍር ቢያንስ «ከዚህ ብር ጀምሮ» ማለት ይችላል።

ጥቅማ ጥቅም ላይም የተለመደ ስህተት አለ። «ጡረታና ዓመታዊ ፈቃድ አለ» ብሎ መጻፍ ምንም እንደመስጠት አይቆጠርም። በአዋጁ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት ፈቃድ ማንኛውም ሠራተኛ የሚገባው ነው፤ ለጡረታም የግል ድርጅት አሠሪ የደመወዙን 11 በመቶ የማዋጣት ግዴታ አለበት። ሙያውን የሚያውቅ አካውንታንት፣ በተለይ ይህንኑ ሲያሰላ የሚውል ሰው፣ ግዴታን እንደ ስጦታ ሲቀርብለት ፈገግ ይላል። መጻፍ ያለበት ከሕጉ በላይ ያለው ነው፤ የሕክምና ወጪ፣ ሰርቪስ፣ ለሙያ ፈተና የሚከፈል የትምህርት ክፍያ።

ተስተካክሎ ሲጻፍ ይህን ይመስላል፦

«አካውንታንት፣ ለግንባታ ዕቃ አስመጪ ድርጅት፣ መርካቶ። በአራት ሰዎች የሒሳብ ክፍል ውስጥ የሦስት ባንኮችን ሒሳብ ያስታርቃሉ፤ የቫትና የዊዝሆልዲንግ ሪፖርት ያዘጋጃሉ፤ የ40 ሠራተኞችን ፔይሮል ይሠራሉ። የፋይናንስ ኃላፊዋ በመጀመሪያው ወር አብራዎት ትሠራለች። ደመወዝ ከ22,000 እስከ 28,000 ብር፣ እንደ ልምድዎ። የሕክምና ሽፋን ለቤተሰብ ጭምር፤ ከሜክሲኮ ሰርቪስ አለ። ወር ሲዘጋ ከሦስት እስከ አራት ቀን ሊያመሹ ይችላሉ፤ ትርፍ ሰዓት በሕጉ መሠረት ይከፈላል። የግድ የሚያስፈልጉት፦ በአካውንቲንግ ዲግሪ፣ ወርሃዊ ሒሳብ ራስዎን ችለው የዘጉበት ልምድ፣ ዋስ። ፒችትሪ ቢያውቁ ይመረጣል፤ ካላወቁ እናሠለጥናለን። ሲቪ ብቻ ይላኩ፤ ማስረጃ የምንጠይቀው ለፈተና ስንጠራዎት ነው። ለፈተና የተመረጡትን ምዝገባው በተዘጋ በአሥር ቀን ውስጥ እንደውላለን።»

ርዝመቱ ከመጀመሪያው ይበልጣል። የግድ የተባለው ግን ከአሥር ወደ ሦስት ወርዷል፤ ዋሱም ገንዘብ ነክ ሥራ ስለሆነ ሳይደበቅ ቀርቷል። «የሚችል/የምትችል» የሚለው ጭረትም «እርስዎ» ሲባል አብሮ ጠፍቷል።

የተሻለ ማስታወቂያ የአመልካች ብዛት ሊጨምር ስለሚችል በብዛት ብቻ መለካት ያሳስታል። መቆጠር ያለባቸው ሁለት ነገሮች ናቸው። ካመለከቱት ውስጥ ለፈተና ለመጠራት የበቁት ስንቶቹ ናቸው? ሥራው ተሰጥቷቸው እንቢ ያሉትስ? የመጀመሪያው ካልጨመረ የሥራው መግለጫ ገና ግልጽ አልሆነም፤ ሁለተኛው ካልቀነሰ ችግሩ ደመወዙ ላይ ነው። በቃለ መጠይቁም «ከማስታወቂያው የሳበዎት የትኛው መስመር ነው?» ብሎ መጠየቅ ለቀጣዩ ጽሑፍ ብዙ ይጠቁማል።

የማይሠራበትም ቦታ አለ። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ተፈላጊ ችሎታና ደመወዝ በሥራ ምዘናና ደረጃ አስቀድሞ የተወሰነ ስለሆነ ማስታወቂያ ጻፊው መስፈርት መቀነስ አይችልም፤ የሥራውን ይዘትና የምዝገባውን ሁኔታ ግን በግልጽ መጻፍ ይችላል። በግል ድርጅት ደግሞ አደጋው ማሳመር ነው። «እናሠለጥናለን» ተብሎ የተቀጠረ ሰው ማንም ካላሠለጠነው ሕጉ በሚፈቅደው የ60 የሥራ ቀናት የሙከራ ጊዜ ውስጥ ጥሎ ሊሄድ ይችላል። በዚህ ምክንያት ጽሑፉ ከመውጣቱ በፊት የመጨረሻዋ አንባቢ የፋይናንስ ኃላፊዋ ብትሆን ይሻላል፤ በመጀመሪያው ወር አብራ የምትሠራው እሷ ናትና፣ ጊዜ ከሌላት ያ መስመር መውጣት አለበት።