ውሃ የሚጠይቅ የርዕሰ መምህር ደብዳቤ

«ተማሪዎቻችን በውሃ እጦት እየተሰቃዩ ስለሆነ አፋጣኝ መፍትሔ ይሰጠን»። ለወረዳ ውሃ ጽሕፈት ቤት እንዲህ ብሎ የሚጽፍ ርዕሰ መምህር እውነቱን ነው። ባለሙያው ግን ከዚህ ዓረፍተ ነገር ስንት ሊትር እንደሚያስፈልግ ማወቅ አይችልም። የአንድ ዓመት በጀት ለጥቂት ጉድጓዶች ብቻ ሲበቃ ደግሞ፣ ቀድሞ የሚታየው ሊጣራ የሚችለው ጥያቄ ነው።

640 ተማሪዎችና 18 መምህራን ያሉት የገጠር ትምህርት ቤት በምሳሌ እንውሰድ። የዓለም ጤና ድርጅት ለቀን ትምህርት ቤት ያስቀመጠው መነሻ ለአንድ ሰው በቀን 5 ሊትር ነው። ለ658 ሰው 3,290 ሊትር ይሆናል፤ በባለ 20 ሊትር ጀሪካን ወደ 165 ማለት ነው። በደቂቃ 15 ሊትር የሚሰጥ የእጅ ፓምፕ ይህን ለማውጣት አራት ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። ስለዚህ አንድ ፓምፕ ትምህርት ቤቱን ይችላል፤ የአካባቢው ነዋሪም ከተጨመረ ግን ወረፋው ተማሪውን ከክፍል ያስቀረዋል። የነዋሪው ቁጥርም በደብዳቤው መግባት ያለበት ለዚህ ነው።

ሕመሙን በተመለከተ የርዕሰ መምህሩ ምስክር የስም መጥሪያው ነው። በምሳሌያችን ደብዳቤ እንዲህ ይነበባል፦ «ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ በሕመም የተመዘገበው ቀሪ 412 የተማሪ ቀን ሲሆን፣ ወላጆች በተቅማጥ ምክንያት መሆኑን ያሳወቁን 187 ነው። የቀበሌው ጤና ኬላ ማስረጃ ተያይዟል።» ምርመራው የጤና ባለሙያ ሥራ ስለሆነ ርዕሰ መምህሩ የበሽታውን ስም ከራሱ አይሰጥም። «ጉድጓዱ ከተቆፈረ ተቅማጥ ይጠፋል» ብሎም ቃል አይገባም፤ ተቅማጥ ከመጸዳጃ ቤት፣ ካልታጠበ እጅና ከቤት ውስጥ ውሃም ይመጣልና። ይልቅ ከፓምፑ አጠገብ የእጅና የፊት መታጠቢያ እንዲሠራ ይጠይቃል። ትራኮማ ባለበት አካባቢ የፊት ንጽሕና ራሱን የቻለ መከላከያ ነው።

ብዙዎች የሚዘሉት ነገር፣ ከቁፋሮው በፊት የቦታ ጥናትና ከቁፋሮው በኋላ የውሃ ምርመራ መጠየቅን ነው። በስምጥ ሸለቆ አካባቢ ጥርት ያለ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይዱ በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም አልፎ የልጆችን ጥርስ ሊያበላሽ ይችላል። ማፍላት ፍሎራይድን አያስወግድም፤ ውሃው እየተነነ ሲሄድ እንዲያውም ያከማቸዋል። ርዕሰ መምህሩ የመጸዳጃ ቤቶቹን ቦታ በንድፍ ቢያሳይ ጉድጓዱን ቢያንስ 30 ሜትር ለማራቅ ይረዳል።

የፓምፕ ጎማዎች ያልቃሉ። ማን ይገዛል? የወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት ለመለዋወጫ ገንዘብ ለማዋጣት፣ ለአጥርና ለጥበቃ የወሰነበት ቃለ ጉባኤ ከደብዳቤው ጋር ሲያያዝ መልሱ አብሮ ይሄዳል። ግልባጩ ለወረዳው ትምህርትና ጤና ጽሕፈት ቤቶች ይደርሳል። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር፣ በሰኔ መጨረሻ የሚደርስ ደብዳቤ ዕቅዱ ካለቀ በኋላ የመጣ ነው። በየካቲት ወስዶ መዝገብ ቤት ማስገባትና የገቢ ቁጥሩን በራስ ቅጂ ላይ ማስጻፍ ይሻላል።