ገንዘብን መበተን ምን ይጠቅማል? ወሰኑስ የት ነው?

አንድ ሰው 1,000 ብሩን በሙሉ ለአንድ ነጋዴ አበደረ እንበል። የነጋዴው የመክሰር ዕድል ከ10 አንድ ነው፤ ከከሰረም ገንዘቡ አይመለስም። ሁለተኛው ሰው ግን 1,000 ብሩን ለ10 ነጋዴዎች መቶ መቶ ብር አድርጎ አበደረ፤ የእያንዳንዳቸውም የመክሰር ዕድል ያው ከ10 አንድ ነው።

በአማካይ ሲታሰብ የሁለቱም ኪሳራ 100 ብር ነው፤ መበተን ይህን አይቀንሰውም። እንዲያውም ሁለተኛው ሰው ቢያንስ መቶ ብር የማጣት ዕድሉ ከ100 ወደ 65 ይጠጋል። ታዲያ ጥቅሙ ምንድን ነው? የገንዘቡን ግማሽ ወይም ከዚያ በላይ የማጣት ዕድሉ ከ1,000 ሁለት እንኳ አይሞላም። የመጀመሪያው ሰው ሁሉን የማጣት ዕድሉ ግን ከ1,000 መቶ ነው። እንግዲህ መበተን የሚያስቀረው ኪሳራን ሳይሆን ጥፋትን ነው።

ይሁን እንጂ ይህ ሒሳብ የሚሠራው አንዱን የሚጥለው ምክንያት ሌላውን የማይነካ ሲሆን ብቻ ነው። አሥሩም ቡና ነጋዴዎች ቢሆኑስ? እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1989 የዓለም የቡና ስምምነት ኮታ ሲቋረጥ የቡና ዋጋ በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ ግማሽ ገደማ ወረደ። እንዲህ ባለው ጊዜ አሥር ተበዳሪ እንደ አንድ ተበዳሪ ነው።

ስለዚህ ከቡና ነጋዴው ጎን ሸማኔውን፣ ወፍጮ ቤቱንና ጋራዡን መጨመር ይሻላል። ሆኖም ጦርነት ወይም ጽኑ ድርቅ ቢመጣ ሁሉንም ይነካል፤ ይህን የጋራ አደጋ የተበዳሪ ብዛት አያስወግደውም። ስለሆነም ገንዘቡን የሚበትን ሰው «ስንት ናቸው?» ከማለቱ በፊት «ሁሉን በአንድ ቀን የሚጥላቸው ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቅ።