የእድሩ ሒሳብ ለምን አልገጠመም? በኤክሴል ሠንጠረዥ ውስጥ የሚደበቁ ስህተቶች እና መፈተሻቸው

በአሜሪካዋ ዳላስ እና በዙሪያዋ ባሉ እንደ ጋርላንድና ሳክሲ በመሳሰሉ ከተሞች የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ከአገር ቤት ይዘዋቸው ከሄዱት ማኅበራዊ ተቋማት አንዱ እድር ነው። አባላት በየወሩ ያዋጣሉ፤ ሐዘን ሲደርስ እድሩ ለቀብር ወይም አስከሬን ወደ አገር ቤት ለመላክ የሚያስፈልገውን ወጪ ይደግፋል። ቀድሞ በደብተር ይያዝ የነበረው የመዋጮ መዝገብ በብዙ ቦታ ወደ ኤክሴል ሠንጠረዥ ተዛውሯል።

ይህ ለውጥ የገንዘብ ያዡን ድካም ቢያቀልም አንድ ነገር አሳጥቷል። በደብተር ላይ ስርዝ ድልዝ በዓይን ይታያል፤ ተቆጣጣሪውም ቆም ብሎ ይጠይቃል። በሠንጠረዥ ላይ ግን ቀመር የነበረበት ሳጥን በቁጥር ሲተካ ምንም ምልክት አይተውም። ስሌቱ የተሳሳተ ቢሆንም እንኳ ከታች የሚታየው ድምር ንጹሕና እርግጠኛ ይመስላል።

ስህተቱ በባለሙያዎችም ላይ ይደርሳል። ኢኮኖሚስቶቹ ካርመን ራይንሃርት እና ኬኔት ሮጎፍ በአውሮፓውያኑ 2010 ባሳተሙት ጥናት የመንግሥት ዕዳቸው ከአገራዊ ምርታቸው 90 በመቶ በላይ የሆነ አገራት አማካይ ዕድገት ከዜሮ በታች 0.1 በመቶ መሆኑን ገለጹ። ጥናቱ በበርካታ አገራት የመንግሥት ወጪ ቅነሳን በሚደግፉ ፖለቲከኞች ዘንድ ተጠቀሰ። በ2013 በማሳቹሴትስ አምኸርስት ዩኒቨርስቲ የድኅረ ምረቃ ተማሪ የነበረው ቶማስ ኸርንደን የጥናቱን ሠንጠረዥ ከፍቶ ሲመረምር፣ አማካዩን የሚያወጣው ቀመር ከ30ኛው እስከ 49ኛው ረድፍ መድረስ ሲገባው 44ኛው ላይ መቆሙን አየ።

```
=AVERAGE(L30:L44)
```

ከዝርዝሩ ግርጌ የነበሩት ዴንማርክ፣ ካናዳ፣ ቤልጂየም፣ ኦስትሪያ እና አውስትራሊያ ከስሌቱ ውጭ ቀርተዋል። ኸርንደን እና ሁለት መምህራኑ ሌሎች ጉድለቶችንም አርመው ያገኙት አማካይ ዕድገት 2.2 በመቶ ነበር። ከልዩነቱ የሚበዛው የመጣው ከመረጃ አመራረጥና ከአመዛዘን ዘዴ ሲሆን የቀመሩ ድርሻ አነስተኛ ነበር። አጥኚዎቹ የቀመሩን ስህተት አምነው ዋናው መደምደሚያቸው ግን እንደማይለወጥ ተከራክረዋል። ያም ሆኖ፣ አምስት አገራት በአንድ ቀመር ምክንያት ለሦስት ዓመታት ሲረሱ ሠንጠረዡ አንዳችም ማስጠንቀቂያ አልሰጠም።

ሦስት ስህተቶች በአንድ ገጽ ላይ

የዚህ ዓይነቱ ስህተት በእድር መዝገብ ላይ ምን እንደሚመስል ለማየት የሚከተለውን ለማብራሪያ የታሰበ ምሳሌ እንውሰድ። በሳክሲ ያለ አንድ እድር 43 አባል ቤተሰቦች አሉት። እያንዳንዱ ቤተሰብ በወር 30 ዶላር፣ በዓመት 360 ዶላር ያዋጣል። ከ2ኛው እስከ 44ኛው ባሉት ረድፎች የአባላቱ ስም በ‘A’ ዓምድ፣ የ12ቱ ወራት ክፍያ ከ‘B’ እስከ ‘M’፣ የእያንዳንዱ አባል የዓመት ድምር ደግሞ በ‘N’ ዓምድ ተመዝግቧል።

የዓመቱ መጨረሻ ላይ ሠንጠረዡ 14,340 ዶላር ይላል። ገንዘቡ ሁሉ የገባበት የባንክ መግለጫ ግን 15,360 ዶላር ያሳያል። የ1,020 ዶላር ልዩነት አለ። በእድር ስብሰባ ላይ እንዲህ ያለ ልዩነት ሲነሳ ጥያቄው ስለ ቀመር ሳይሆን ስለ ገንዘብ ያዡ ታማኝነት ሊሆን ይችላል።

የመጀመሪያው ስህተት ከኢኮኖሚስቶቹ ጋር አንድ ነው። እድሩ ሲጀመር 40 አባላት ነበሩት፤ ጠቅላላ ድምሩም `=SUM(N2:N41)` ተብሎ ተጻፈ። በኋላ የገቡት ሦስት ቤተሰቦች ከታች ሲጨመሩ ቀመሩ አብሮ አላደገም። ኤክሴል አንዳንድ ጊዜ ክልሉን በራሱ ያሰፋል፤ መረጃው ከሌላ ቦታ ተቀድቶ ሲለጠፍ ግን በዚህ መተማመን አይቻልም። የቀረው ገንዘብ 1,080 ዶላር ነው። ቀመሩ ሲታረም የሠንጠረዡ ድምር 15,420 ይሆናል፤ ከባንኩ በ60 ዶላር ይበልጣል።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሲደርስ “ስልሳ ዶላር ብቻ ነው” ብሎ ሊያቆም ይችላል። ነገር ግን ትንሽ ልዩነት የግድ ትንሽ ስህተት ማለት አይደለም፤ ሁለት ስህተቶች ተጣፍተው የተረፈ ሊሆን ይችላል።

በዚህ ምሳሌ ሁለት ወርኃዊ ክፍያዎች “30 ዶላር” ተብለው ከነቃላቸው ተጽፈዋል። ለአንባቢ ግልጽ ናቸው። ለኤክሴል ግን ጽሑፍ እንጂ ቁጥር ስላልሆኑ `SUM` ዘሏቸው ያልፋል። እንዲህ ያሉ ሳጥኖች ስንት እንደሆኑ ለማወቅ ያልተባዶ ሳጥኖችን ብዛት ከቁጥሮቹ ብዛት ጋር ማነጻጸር ይበቃል፦

```
=COUNTA(B2:M44)-COUNT(B2:M44)
```

ውጤቱ ዜሮ መሆን ሲገባው እዚህ 2 ይሆናል። በዓይንም መለየት ይቻላል፤ አሰላለፉ በእጅ ካልተቀየረ በቀር ቁጥር ወደ ሳጥኑ ቀኝ፣ ጽሑፍ ወደ ግራ ይጠጋል። ሁለቱ ሳጥኖች ወደ ቁጥር ሲለወጡ ግን ያልተጠበቀ ነገር ይከሰታል። ድምሩ 15,480 ይደርስና ከባንኩ ጋር ያለው ልዩነት ከ60 ወደ 120 ዶላር ያድጋል። ትክክለኛ እርማት ሒሳቡን ያባሰው ይመስላል። በእርግጥ ያደረገው ግን ሌላውን ስህተት ሙሉ መጠኑ እንዲታይ ማድረግ ነው።

ሦስተኛው ስህተት በ‘N’ ዓምድ ውስጥ ነው። አንድ አባል አራት ወር ሳይከፍል ቀርቶ 240 ዶላር ብቻ አስገብቷል። ቀሪውን እከፍላለሁ በማለቱ ገንዘብ ያዡ በድምሩ ሳጥን ላይ ቀመሩን አጥፍቶ 360 የሚል ቁጥር ጽፏል። ክፍያው አልመጣም፤ ቁጥሩ ግን ቀረ። ይህን ለመያዝ አንዱን ገንዘብ በሁለት አቅጣጫ መደመር ያስፈልጋል፦

```
=SUM(B2:M44)-SUM(N2:N44)
```

የወራቱ ክፍያዎች ድምር ከአባላቱ ድምሮች ጋር እኩል መሆን አለበት። እዚህ ግን ውጤቱ ከዜሮ በታች 120 ነው። የትኛው ሳጥን እንደሆነ ለማግኘት `Ctrl` እና ከ1 ቁጥር በስተግራ ያለውን `` ` `` ቁልፍ አብሮ መጫን ሁሉንም ቀመሮች በገሃድ ያሳያል። በተመሳሳይ ቀመሮች መካከል ብቻውን የቆመው 360 ወዲያው ዓይን ውስጥ ይገባል። የክፍያው ድምር ወደ 240 ሲመለስ ሠንጠረዡ 15,360 ይላል፤ ከባንኩም ጋር ይገጥማል።

የ1,020 ዶላሩ ምሥጢር የተፈታው እንዲህ ነው፦ 1,080 እና 60 ዶላር ሳይቆጠር ቀርቶ፣ 120 ዶላር ደግሞ ያለ አግባብ ተቆጥሮ ነበር። የጠፋ ገንዘብ አልነበረም።

መስከረም ወይስ ሜይ?

አንዳንድ ስህተቶች ከቀመር ሳይሆን ከርዕስ ይመነጫሉ። “የገባበት ቀን” ብቻ የሚል ርዕስ ያለው ዓምድ በየትኛው የዘመን አቆጣጠር እንደሚሞላ አይናገርም። አንድ ጸሐፊ መስከረም 5 ቀን 2017 ዓ.ም. የገባን አባል `5/1/2017` ብሎ ሊመዘግብ ይችላል። በአሜሪካ አቀማመጥ የሚሠራ ኤክሴል ወርን ከቀን ስለሚያስቀድም ይህን ሜይ 1 ቀን 2017 ብሎ ያነባል። ትክክለኛው ቀን ግን በአውሮፓውያኑ ሴፕቴምበር 15 ቀን 2024 ነው። አባሉ ከሰባት ዓመታት በፊት የገባ ይመስላል።

አዲስ አባል የተወሰኑ ወራት ሳይሞሉት ድጋፍ አያገኝም የሚል ደንብ ባለው እድር ይህ ስህተት ውሳኔ ይለውጣል። ሁለት ቤተሰቦች በአንድ ወር ገብተው አንዱ ሲከፈለው ሌላው ሊከለከል ይችላል። ምክንያቱም መስከረም 15 ቀን ተብሎ የተጻፈው `15/1/2017` አሥራ አምስተኛ ወር ስለሌለ ጽሑፍ ሆኖ ይቀራል። ጳጉሜን 3 ቀን 2016 ዓ.ም. በ`3/13/2016` ሲጻፍ ደግሞ ማርች 13 ይሆናል። በአንድ ዓምድ ውስጥ ከፊሉ ወደ ቀኝ፣ ከፊሉ ወደ ግራ የተጠጋ ቀን ከታየ የችግሩ ምልክት ነው።

መፍትሔው የኢትዮጵያን ቀን፣ ወር እና ዓመት በሦስት የተለያዩ ዓምዶች መጻፍ ነው። ለስሌት የሚያገለግለው የአውሮፓውያን ቀን በአራተኛ ዓምድ ይቀመጣል፤ ርዕሱም የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ በግልጽ ይናገራል።

ስህተቱ እንዳይመለስ

ዛሬ የታረመ ሠንጠረዥ 44ኛ ቤተሰብ ሲገባ ዳግም ሊሳሳት ይችላል። ዝርዝሩን መርጦ `Ctrl+T` በመጫን ወደ ኤክሴል ሰንጠረዥነት መለወጥ እና ስም መስጠት፣ አዲስ ረድፍ ሲጨመር ክልሉ አብሮ እንዲያድግ ያደርጋል። ለምሳሌ ስሙ `Mewacho`፣ የድምሩ ዓምድ ርዕስ `Demir` ቢባል ጠቅላላው እንዲህ ይጻፋል፦

```
=SUM(Mewacho[Demir])
```

ወርኃዊው 30 ዶላርም በየቀመሩ ውስጥ ከሚበታተን “ወርኃዊ መዋጮ” የሚል ርዕስ ባለው አንድ ሳጥን ውስጥ ቢቀመጥ ይሻላል። መዋጮው ወደ 35 ሲያድግ የሚለወጠው ያ አንድ ቦታ ብቻ ይሆናል። ከላይ የታዩት ሁለት የመፈተሻ ቀመሮችም ከገጹ አናት ላይ ቢቀመጡ፣ ዜሮ ያልሆነ ውጤት በየወሩ ራሱን ያጋልጣል።

ምርመራውን ሠንጠረዡን ያልሠራ ሰው ቢያደርገው ይመረጣል፤ ከአንድም በላይ ቢሆን የተሻለ ነው። የሃዋይ ዩኒቨርስቲው ሬይመንድ ፓንኮ በ1999 ባሳተሙት ሙከራ ለብቻቸው የመረመሩ ሰዎች ሆን ተብለው ከተቀመጡት ስህተቶች 63 በመቶውን ብቻ ሲያገኙ፣ በሦስት በሦስት ሆነው የመረመሩት 83 በመቶ አግኝተዋል።

ቀመርን መፈተሽ የማይደርስበት ነገርም አለ። በጥሬ ገንዘብ ተሰጥቶ በሠንጠረዡም በባንኩም ያልተመዘገበ ክፍያ ምንም ቀመር አያወጣውም። እርሱ የሚገኘው አባሉ በእጁ ያለውን ደረሰኝ ይዞ ሲመጣ ብቻ ነው።