ከወፍ እስከ መጋረጃ፦ የሚፈራ ምስክር እንዴት ይናገራል?

መካነ ሰላም ችሎት ቀርቦ የመሰከረ ገበሬ ማምሻውን የሚመለሰው ወደ ቀበሌው ነው። የተከሳሹ ወንድሞችም ብዙ ጊዜ የዚያው ቀበሌ ሰዎች ናቸው። ገበያቸው አንድ ነው፣ ከብት የሚያጠጡበትም ወንዝ አንድ ነው። በቦረናም ሆነ በሳይንት ደጋ ለፖሊስ ቃሉን በግልጽ የሰጠ ሰው ዳኛ ፊት ሲቆም «አላየሁም፣ አልሰማሁም» ቢል እንግዳ ነገር አይደለም። በመሃሉ ሽማግሌ ተልኮበት ወይም ደም እንዳይመጣ ተመክሮ ሊሆን ይችላል። ለፖሊስ የሰጠው ቃል ደግሞ ችሎት ላይ ካልተደገመ ብቻውን ክስ የሚያቆምበት ዕድል ጠባብ ነው።

የደጋው ሰው ይህን ፍርሃት ድሮም ያውቀው ነበር። በአውጫጭኝ ወይም በአፈርሳታ ጊዜ የአገሩ ሰው በሙሉ ይሰበሰባል፤ ያየ ሰው ግን አደባባይ ወጥቶ አይናገርም። በተመረጡ ሽማግሌዎች ጆሮ ሹክ ይላል፤ እሱም «ወፍ» ይባላል። ዘዴው ወንጀለኛን ለማግኘት ይጠቅም ነበር። ጉድለቱ ግን የተጠቆመው ሰው ወፏን መጠየቅ አለመቻሉ ነው፤ ቂመኛም ወፍ መሆን ይችላል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20 ይህን በር ዘግቷል፤ ተከሳሽ የቀረበበትን ማስረጃ የማየትና ምስክሮችን የመጠየቅ መብት አለው። ከዚያ ወዲህ ያለው ጥያቄ ተከሳሽ ሊጠይቀው የሚችል ምስክርን እንዴት መጠበቅ ይቻላል የሚለው ነው።

መልስ ለመስጠት የወጣው የወንጀል ጠቋሚዎችና ምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 ነው። ጥበቃው የሚሰጠው ወንጀሉ አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት ወይም ሞት የሚያስቀጣ ሲሆን፣ እውነቱን በሌላ መንገድ ማረጋገጥ ሳይቻል ሲቀርና በምስክሩ ወይም በቤተሰቡ ላይ ከባድ አደጋ ሲያንዣብብ ነው። ከተዘረዘሩት እርምጃዎች መካከል መኖሪያን መቀየር፣ አዲስ ማንነት መስጠት፣ ስምን ምስክርነቱ እስኪሰጥ ድረስ አለመግለጽ፣ በዝግ ችሎት ወይም ከመጋረጃ ጀርባ ማሰማት ይገኙበታል።

የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ለደጋ ገበሬ እምብዛም አይመቹም። መሬቱና ዘመዱ እዚያው ናቸው፤ ሌላ አገር ቢወሰድ የሚያርሰው የለውም፣ በመጥፋቱም ምስክሩ እሱ መሆኑ ይታወቃል። መጋረጃም በትንሽ ቀበሌ ብዙ አይሰውርም፤ ድምፁንና «ከብት ሳግድ አየሁ» የሚለውን ቃል የሰማ ሁሉ ማን እንደሆነ ያውቃል። የሚሻለው ስሙን እስከ ምስክርነቱ ቀን መያዝ፣ ቀጠሮውን ማሳጠርና በአንድ ቀን አሰምቶ መጨረስ ነው። ቀጠሮ በተራዘመ ቁጥር ለማስፈራራትም ለማባበልም ጊዜ ይገኛል።

ለልጆች የተዘረጋው መንገድ ይለያል። ለምሳሌ የ12 ዓመት ልጅ ተደፍራለች እንበል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 627 ከ13 እስከ 25 ዓመት ስለሚያስቀጣ አዋጁ ሊሸፍናት ይችላል። በአዲስ አበባ ልደታ የተጀመረው ለሕፃናት ምቹ ችሎት አሠራር፣ ልጅቷን ከባለሙያ ጋር በሌላ ክፍል ያስቀምጣታል። ዳኛውና ተከራካሪዎቹ በቴሌቪዥን ያዩዋታል። ጥያቄው ወደ ባለሙያዋ ጆሮ ይደርሳል፣ እሷም በልጅ ቋንቋ አቅልላ ትጠይቃለች። ይህ በተለይ ለመስቀለኛ ጥያቄ ይጠቅማል፤ መሪ ጥያቄ በዚያ ጊዜ ስለሚፈቀድ «እንዲህ ነው የሆነው አይደል?» የተባለች ልጅ ትልቅ ሰው ላለመቃወም ብላ «አዎ» ማለቷ ይቀላል። ተከሳሹ መብቱን አላጣም፤ ጥያቄው ይደርሳታል፣ ልጅቷ ግን ፊቱን አታይም። መሣሪያው በሌለበት ችሎት ዝግ ችሎት፣ መጋረጃና ቃሏን የሚያቀልል ሰው ይቀራሉ።

ትልቁ ክፍተት ያለው ያለዕድሜ ጋብቻ ላይ ነው። አንቀጽ 648 ልጅቷ ከ13 ዓመት በታች ከሆነች እስከ ሰባት ዓመት፣ ከዚያ በላይ ከሆነች እስከ ሦስት ዓመት ብቻ ያስቀጣል፤ ስለዚህ የአዋጁን የአሥር ዓመት መነሻ አያሟላም። በጠለፋ ጉዳይ ቅጣቱ እስከ አሥር ዓመት በመሆኑ ጥበቃው ሊደርስላት ይችላል፤ በአባቷ ፈቃድ ለተዳረችው ግን አይደርስም። ዋናዋ ምስክር ራሷ ናት፣ ተከሳሾቹ ደግሞ የሚያበሏት ሰዎች ናቸው። ሕገ መንግሥቱ ለግል ሕይወትና ለሕዝብ ሞራል ሲባል ችሎት እንዲዘጋ ስለሚፈቅድ ዳኛው በሩን መዝጋት ይችላል። ምሽት ላይ የምትገባበትን ቤት ግን አይመርጥላትም።